በዳ፦ ከአያቴ ደብተር እስከ መቂ ታፔላዎች

አባቴ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ማንበብና መጻፍም ያውቃል። ይሁን እንጂ በመቂ ዋና መንገድ ስንሄድ በኦሮምኛ የተጻፈውን ታፔላ የማነበው እኔ ነኝ፤ እርሱ ከሥር የተጻፈውን አማርኛ አንብቦ ይተረጉመዋል። በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን ነገር በሌላ ቋንቋ በኩል ዞሮ ይደርስበታል ማለት ነው። አባቴ ኦሮምኛ ማንበብን የተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ እኔ ደግሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ተማርሁ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ቋንቋ፣ በሁለት ፊደል የምናነብ ሰዎች ነን።

ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ እንደ ጥናት ጉዳይ አላየሁትም ነበር። የቤታችን ልማድ ነበር። ወደ ጥናት የወሰደኝ ባለፈው ዓመት በአባቴና በአጎቴ መካከል የተነሣ አለመግባባት ነው። አለመግባባቱም በአንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ላይ የቆመ ነበር።

ቤተሰባችን ከመቂ ወንዝ ብዙም ያልራቀ ማሳ አለው። አባቴ ፓምፕ ገዝቶ ሽንኩርት ሊያለማበት አሰበ፤ ለዚህም ገንዘብ መበደር ነበረበት። አጎቴ ግን ተቃወመ። ምክንያቱ የአያቴ ደብተር ነበር። አያቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በራሱ ቋንቋ መጻፍ የተማረ ገበሬ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሸጠውን ቅቤ፣ ያበደረውን ዘር፣ የመጣውን እንግዳ ሳይቀር፣ በአንድ ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ይመዘግብ ነበር። በደብተሩ መካከል በ1973 ዓ.ም. የተጻፈች አጭር መስመር አለች፤ «ለፈ በዳ። ገርቡ ቁና 6።» አጎቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት «መጥፎ መሬት» ብሎ አነበባቸው። «አባታችን ይህ መሬት የተበላሸ መሆኑን ጽፎልናል፤ ጨው አለበት፤ በተበደርነው ገንዘብ አንጫወት» አለ። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ በመስኖ የሚያለማ ሰው አፈር በጨው ሲበላሽ አይቷልና፣ ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። አባቴ ደግሞ ቃሉን «ደጋ» ብሎ አነበበው።

ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ፊደሉ ሁለቱንም ይፈቅዳልና። በኦሮምኛ «የተበላሸ፣ መጥፎ» የሚለው ቃል badaa ሲሆን «ደጋ» የሚለው ደግሞ baddaa ነው። ልዩነቱ የመካከለኛው ድምፅ መላላትና መጥበቅ ብቻ ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «በዳ» ይሆናሉ። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ማለት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ዐውዱ ይነግረናል እንጂ ፊደሉ አይነግረንም። በአያቴ ደብተር ውስጥ ግን ዐውዱ ሁለት ቃልና አንድ የእህል ስም ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለአንድ የድኅረ ምረቃ ኮርስ ስለ ጽሕፈት ለውጥ የማነበው ስለ ካዛኪስታን ነበር። ከመቂ ይህን ያህል የራቀ አገር የአያቴን ደብተር እንዳነብ ይረዳኛል ብዬ አልጠበቅሁም። የካዛክ ቋንቋ በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ፊደሉን ደጋግሞ ቀይሯል። በመጀመሪያ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ አኽመት ባይቱርስኑሊ የተባለ ሊቅ ይህን ፊደል ለካዛክ ድምፆች እንዲስማማ አድርጎ አሻሻለው። እ.ኤ.አ. በ1929 ወደ ላቲን፣ በ1940 ደግሞ ወደ ሲሪሊክ ተዛወረ። ሲሪሊኩ የሩሲያኛን 33 ፊደላት እንዳሉ ወስዶ፣ ሩሲያኛ ለማያውቃቸው የካዛክ ድምፆች 9 ልዩ ፊደላት ጨመረ፤ Ә, Ғ, Қ, Ң, Ө, Ұ, Ү, Һ, І። አብዛኞቹ የተሠሩት በነባር ፊደል ላይ ጭረት፣ ጅራት ወይም መስቀለኛ መስመር በማከል ነው። ለምሳሌ Қ ማለት የሩሲያኛው ክ ጅራት ወጥቶለት ነው፤ ድምፁም ከጉሮሮ አካባቢ የሚወጣ፣ ለእኛ ጆሮ ወደ ቅ የሚጠጋ ነው።

እነዚህን ዘጠኝ ፊደላት ሳይ ወዲያው ትዝ ያለኝ የአያቴ ዸ ነበር። ኦሮምኛ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ፣ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገር ድምፅ አለው። በግዕዝ ይህን ድምፅ የሚወክል ፊደል አልነበረም። ስለዚህ በደ ገላ ላይ ተጨማሪ ምልክት ተደርጎ ዸ ተሠራ፤ እንደ ሌሎቹ ፊደላትም ሰባቱን ዘር ተከትሎ ዸ፣ ዹ፣ ዺ፣ ዻ፣ ዼ፣ ዽ፣ ዾ እያለ ይሄዳል። በአያቴ ደብተር ቅቤ «ዸዻ» ነው፤ «መጣ» ደግሞ «ዹፌ»። ዸ ለግዕዝ ፊደል፣ ጅራታሙ Қ ለሲሪሊክ እንደሆነ ማለት ነው፤ ከሌላ ቋንቋ በተወረሰ ፊደል ውስጥ የራስን ድምፅ ለማስገባት የተበጀ ልዩ ፊደል ነው።

ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል መጻፉ በዘመቻው የተጀመረ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ የታተመው በዚሁ ፊደል ነበር። በሪሳ ጋዜጣም በደርግ ዘመን ሲታተም የኖረው በዚሁ ነው። በሌላ በኩል ሸኽ በክሪ ሳጳሎ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኦሮምኛ ከነባሮቹ ሁሉ የተለየ አዲስ ፊደል ፈጥረው ነበር፤ ኃይሌ ፊዳ ደግሞ በአውሮፓ ሳሉ በላቲን ፊደል የኦሮምኛ ሰዋስው አሳትመዋል። ምርጫው የተቋጨው በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የፓርላማ አዳራሽ የተሰበሰቡ ከአንድ ሺህ በላይ የኦሮሞ ምሁራን ቋንቋው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ የኦሮምኛ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣና ታፔላ የቁቤ ሆነ። የዸ ቦታ በሁለት ፊደል፣ በ dh ተተካ።

በዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምፀት አለ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዸ የራሱን ቁጥር፣ U+12F8ን፣ ያገኘውም ያን ጊዜ ነው። የተበጀለት ቋንቋ ትቶት ከሄደ ከሰባት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የአያቴን ደብተር ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ስጀምር ያን ፊደል የጻፍሁት ቁልፍ ተጭኜ ሳይሆን በቁጥሩ ፈልጌ ነው።

ወደ «በዳ» ልመለስ። ቁቤን የሚደግፉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ምክንያት አለ፤ ኦሮምኛ አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢ አለው፣ የጠበቀና የላላ ተነባቢም ይለያል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ሁለቱንም አያሳይም ይላሉ። ደብተሩን ገጽ በገጽ ስመረምር ይህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ አገኘሁት። አያቴ «መሬት» የሚለውን lafa «ለፈ» ብሎ፣ «ለስላሳ» የሚለውን laafaa ደግሞ «ላፋ» ብሎ ይጽፋል። አጭሩን አ በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ ለይቷል። በዚህ አናባቢ ላይ ፊደሉ በቂ ነበር። በሌሎቹ ላይ ግን አልቻለም። «ነገ» የሚለው boru እና «ድፍርስ» የሚለው booruu ሁለቱም «ቦሩ» ናቸው። መጥበቅንም አላሳየም፤ «ፍርሃት» የሚለው sodaa እና «አማች» የሚለው soddaa በደብተሩ ያው «ሶዳ» ናቸው። መጥበቅን ለማሳየት ከፊደል አናት ላይ ነጥብ የማድረግ ልማድ በሊቃውንት ዘንድ ነበር፤ በጥቂት ወራት ዘመቻ ፊደል ለቆጠረ ገበሬ ግን ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ጉድለቱ የፊደሉ ብቻ አይደለም፤ ከፊደሉ ውስጥ ለሕዝብ የተላለፈው ክፍልም ነው።

እንግዲህ «በዳ» ላልቶ ይነበብ ወይስ ጠብቆ? መልሱን ከፊደሉ ማግኘት ስላልቻልሁ ከይዘቱ መፈለግ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ፍንጭ «ገርቡ» ነው። ገርቡ ገብስ ነው። የመቂ ሜዳ በቆሎና ጤፍ የሚዘራበት ቆላማ መሬት ነው፤ ገብስ የደጋ እህል ነው። በደብተሩ ውስጥ የራሳችን ማሳ በተጠቀሰበት ገጽ ሁሉ ገብስ አንድም ጊዜ አይገኝም። ሁለተኛው ፍንጭ ከአሥራ አንድ ገጽ በኋላ መጣ። አያቴ ስለ አንድ ዘመዱ ሲጽፍ «በዳዻ ዹፌ» ይላል። እዚህ ላይ «በዳ» «ከ» የሚል ትርጉም ያለውን ዻ የተባለ ቅጥያ ይዟል። በቁቤ ሲጻፍ baddaadhaa dhufe ይሆናል፤ «ከደጋ መጣ» ማለት ነው። «ከመጥፎ መጣ» ብሎ የሚናገር ሰው የለም። አያቴ «በዳ»ን የቦታ ስም አድርጎ እንደሚጠቀምበት ይህ በግልጽ ያሳያል። ያቺ መስመር ስለ እኛ ማሳ አልነበረችም፤ በማዶ ካሉት የደጋ ዘመዶቹ ስለመጣ ስድስት ቁና ገብስ ነበረች።

ይህን ለአባቴና ለአጎቴ በአንድ ምሽት አስረዳኋቸው። አጎቴ ደብተሩን ተቀብሎ ሁለቱን ገጾች አመሳከረና፣ «እንዲያ ከሆነ አባታችን ስለ መሬቱ ምንም አልተናገረም ማለት ነው» አለ። ልክ ነበር። ቃሉ «ደጋ» መሆኑ መሬቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ የመሬቱ ጉዳይ ከአፈሩ እንጂ ከደብተሩ እንደማይገኝ ብቻ ነው የሚያሳየው። አባቴም ብድሩን ከመውሰዱ በፊት አፈሩን ለማስመርመር ተስማማ። ምርመራው ማሳውን ለሁለት ከፈለው፤ ወደ ወንዙ ያለው ክፍል ለመስኖ ደህና ሆኖ ተገኘ፣ የታችኛው ክፍል ግን ጨው ነበረበት። ሁለቱም ወንድማማቾች በከፊል ትክክል ሆኑ፤ ደብተሩ ግን ለአንዳቸውም ምስክር አልነበረም።

ቁቤ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር ማለት ቀላል ነው፤ badaa እና baddaa በመልክም ይለያያሉና። እኔም በመጀመሪያ እንዲህ ነበር ያሰብሁት። ከዚያ በኋላ ግን የመቂን ታፔላዎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርሁ። በሕግና በትምህርት ቤት መጽሐፍ የከተማዋ ስም Maqii ነው። በመንገድ ላይ ግን Maqi የሚልም፣ Meqi የሚልም አለ፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢ በሚጻፈው መስመር ደግሞ Meki ይሆናል። አንድ ታፔላ ጻፊ በሥራው ላይ እንዳለ ጠይቄው፣ «ሰሌዳው ሲጠብብኝ ከተደረቡት ፊደላት አንዱን አወጣለሁ፤ አንባቢው ይገባዋል» አለኝ። ትክክል ነው፣ Mana Nyaataa የሚለው Mana Nyata ቢሆን ምግብ ቤት መሆኑን ማንም አይስትም። በስልክ መልእክትም እኔው ራሴ እንዲሁ አደርጋለሁ። ነገር ግን በዚህ መንገድ baddaa ራሱ bada ይሆናል፤ ያኔም የአያቴ ደብተር ከነበረበት ጥርጣሬ ተመልሰን እንገባለን። ቁቤ ልዩነቱን የማሳየት አቅም አለው፤ የሚያሳየው ግን ጸሐፊው ፊደሉን ሲደርብ ብቻ ነው።

የካዛክ ልምድ ለእኔ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። የካዛክ ቁልፍ ሰሌዳ ልዩ ፊደላቱን በአብዛኛው በቁጥሮች ረድፍ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ በችኮላ የሚጽፍ ሰው በልዩው ፊደል ፈንታ ቅርቡን የሩሲያኛ ፊደል ይጽፋል። ልዩ ፊደል በሰሌዳና በቁልፍ ላይ ቦታ ሲያጣ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 የካዛኪስታን መንግሥት ወደ ላቲን የመመለስ ድንጋጌ ሲያወጣ፣ ልዩ ድምፆቹን በፊደል አናት ጭረት ሳይሆን በአፖስትሮፍ ለማሳየት መረጠ። ማንኛውም ኮምፒውተር የሚያውቀው ምልክት ነውና ቀላል መስሎ ነበር። ትችቱ ግን በዛ፤ ጽሑፉ በነጥቦች የተወረረ ይመስል ነበር፣ የፍለጋ ፕሮግራሞችም ቃሉን በአፖስትሮፉ ላይ ይቆርጡት ነበር። በየካቲት 2018 አፖስትሮፉ ተትቶ በፊደል አናት ላይ በሚሰመር ጭረት ተተካ፤ በ2021 ደግሞ ሌላ ማሻሻያ ቀረበ፤ ሽግግሩም እስከ 2031 ድረስ ደረጃ በደረጃ እንዲሆን ታቀደ።

እኛም አፖስትሮፍ አለን። በቁቤ «ሁዻ» ይባላል፤ በሁለት አናባቢዎች መካከል ድምፅ ተቋርጦ የሚነሣበትን ቦታ ያሳያል። «ፍየል» ለማለት re'ee እንጽፋለን። ከሕዝብ ማስታወቂያዎች የቃላት ዝርዝር ስሰበስብ ኮምፒውተሩ ይህችን አንዲት ፍየል ሁለት ቃል አድርጎ ቆጠረብኝ። ምክንያቱን ለማወቅ ሁለቱን አነጻጸርሁ፤

```
re'ee   U+0027
re’ee   U+2019
```

በዓይን አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ከቁልፍ ሰሌዳ በቀጥታ የተጻፈው ምልክት ሲሆን፣ ሁለተኛው የጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም በራሱ ያጠመዘዘው የጥቅስ ምልክት ነው። አንዱን የሚፈልግ ሰው ሌላውን አያገኝም። መፍትሔው አጭር ነው፤ ከመቁጠር በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ቅርጽ መመለስ። ሆኖም ይህን የማያውቅ ሰው በማህደር ውስጥ ያለውን ሰነድ «የለም» ብሎ ይመለሳል።

ስለ ቀስ በቀስ ሽግግር ሲነገር በአብዛኛው የሚታሰበው የዓመታት ሰሌዳ ነው። የካዛኪስታን ሳንቲሞች ሌላ ነገር ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሳንቲሞቹ ላይ የአገሪቱ ስምና የገንዘቡ ስም በላቲን ተጻፈ፤ የገንዘቡም ስም TEŃGE ተብሎ ተቀረጸ። በ2021 በቀረበው ማሻሻያ ግን ያ ድምፅ የሚጻፈው Ñ በሚለው ፊደል ነው። ውሳኔው ቢለወጥም ብረቱ አልተለወጠም። የሕዝብ ጽሑፍ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ የመሸጋገሪያ እርምጃ በሳንቲም፣ በታፔላ፣ በደብተር ላይ ተጋግሮ ይቀራል፤ ቀጣዩ ትውልድም ሁሉንም በአንድነት ይወርሳል። የእኛ ውሳኔ በ1984 ዓ.ም. በአንድ ስብሰባ ተቋጨ፤ ከአባቴ ጋር ያለን ልዩነት ግን ዛሬም አልተቋጨም።

አሁን የአያቴን ደብተር በሦስት ዓምድ እየገለበጥሁት ነው። በመጀመሪያው ዓምድ እርሱ እንደጻፈው በግዕዝ ፊደል፣ ዸውንም ሳልለውጥ፤ በሁለተኛው በቁቤ፤ በሦስተኛው ደግሞ ለምን እንዲያ እንዳነበብሁት። ሁለተኛውን ብቻ ይዤ የመጀመሪያውን ብጥለው፣ ውሳኔዬ እንደ አያቴ ቃል ይቆጠርብኛል፤ baddaa ብዬ ጠብቆ ስጽፈው ያጠበቅሁት እኔ እንጂ እርሱ አይደለምና። ርግጠኛ ባልሆንሁባቸው ቃላት አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ። «ሶዳ» ከሚሉት መስመሮች መካከል አንዱ አሁንም አልተፈታልኝም፤ አያቴ በዚያ ሌሊት አማቹ መጥቶ ይሁን ወይስ ፍርሃት፣ ከመስመሩ ለማወቅ አልተቻለም።

ማታ ማታ ገልብጬ የጨረስሁትን ለአባቴ አሳየዋለሁ። እርሱ የግራውን ዓምድ፣ እኔ የመካከለኛውን ጮክ ብለን እናነባለን። ድምፃችን ሲገጥም ወደ ሚቀጥለው መስመር እናልፋለን፤ ካልገጠመ ግን እዚያው ቆም እንልና፣ «አካኮ እንዴት ብሎ ይጠራው ነበር?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።